ልጁ ለአያቱ እንዲመልስላት፦ ባሕር ማዶ በሚያድግ ልጅ ቤት አማርኛን ማስቀደሚያ መንገድ

የምኖረው ደሴ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አማርኛ አስተምራለሁ። ታናሽ እህቴ ስቶክሆልም ነው ያለችው። ልጇም እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ ነው። አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ እሁድ እናታችን ስልኩን ተቀብላ «እንዴት አደርህ የኔ ሸጋ? ቁርስህን በላህ?» አለችው። ልጁ ምስሏን አየ፤ ወደ እናቱ ዞሮ በስዊድንኛ የሆነ ነገር አላትና ወደ መጫወቻው ሄደ። እህቴ «የምትይውን ሁሉ ይሰማል እኮ፤ መልሱ ነው የማይወጣለት» አለች። እናቴ ስልኩን መልሳ ሰጠችኝና «እንግዲህ እኔና የልጅ ልጄ በአስተርጓሚ ልንሆን ነው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ እዚያ፣ እኔና እናቴ እዚህ ሆነን አንድ ዓመት ሙሉ የሠራነውን ነው የምጽፈው። ልጁ አማርኛ የሚሰማ ግን የማይናገር ለሆነባችሁ፣ ወይም ገና ሕፃን ይዛችሁ «የቱን ላስቀድም?» ለምትሉ ነው።

ለጥያቄው የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ ይቅደም፣ የአገሩን ቋንቋ ለአገሩ ተዉለት። ስዊድንኛው ከመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ከሜዳው፣ ከአውቶቡሱ፣ ከቴሌቪዥኑ፣ ከጓደኞቹ ይመጣል። አማርኛው የሚመጣው ከሁለት ሰው አፍ ብቻ ነው፤ ያ አፍ ከተዘጋ ሌላ ምንጭ የለውም። «ሁለት ቋንቋ ልጁን ያምታታዋል» የሚል ካለ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይውረድ። ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከደንበኛው ጋር በአማርኛ፣ ግመል ይዞ ከመጣው ጋር በአፋርኛ የሚነጋገር ልጅ ያገኛል። ከሚሴም ሆነ ባቲ ልጆች ሁለት ቋንቋ ይዘው ስላደጉ የተምታታ ቤት አላየሁም።

አንደኛ፦ ሰዓቱን በወረቀት ቁጠሩ

እህቴ «ቤታችን እኮ አማርኛ ነው የምንናገረው» ትል ነበር፤ ከልቧም ታምነው ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ እንድትጽፈው ጠየቅኋት። ልጁ በቀን 12 ሰዓት ያህል ነቅቶ ይውላል፤ በሳምንት 84 ማለት ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ 40 ሰዓቱን ይወስዳል። በስዊድንኛ የሚያያቸው የልጆች ፊልሞች በሳምንት 12 ሰዓት ተኩል ሆኑ። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቹ ጋር በመጫወቻ ሜዳና በሱቅ የሚያልፈው 9 ሰዓት ነው። የቀረው 22 ሰዓት ተኩል ብቻ ሆነ፤ እሱም ቢሆን ባልና ሚስቱ አማርኛውን በስዊድንኛ እየቀላቀሉ የሚናገሩበት ነበር። እህቴ በሐቀኝነት ስትገምተው አማርኛው ከ10 ሰዓት አላለፈም፤ ከነቃበት ጊዜ ከስምንት አንድ እጅ ገደማ።

በ1997 እ.ኤ.አ. ማያሚ ውስጥ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ እየሰሙ የሚያድጉ ሕፃናትን ያጠኑ ባለሙያዎች፣ አንዱን ቋንቋ ከአምስት አንድ እጅ በታች የሚሰማ ልጅ በዚያ ቋንቋ ለመናገር እንደማይደፍር አስተውለዋል። ከ84 ሰዓት አምስተኛው 17 ሰዓት ያህል ነው። የእህቴ ልጅ ከዚያ በታች ነበር፤ ስለዚህ «ይሰማል፣ አይናገርም» የሚለው ነገር የልጁ ግትርነት ሳይሆን የሰዓቱ ማነስ ነበር። እናንተም ቁጠሩ። ስትቆጥሩ ቤት ውስጥ የነበረበትን ሰዓት ሳይሆን ለእሱ በአማርኛ የተነገረበትን ሰዓት ጻፉ። እናትና አባት ከጭንቅላቱ በላይ እርስ በርስ ያወሩት ብዙም አይቆጠርም።

ሁለተኛ፦ ማን በምን እንደሚናገር ወስኑ

ቤልጅየም ውስጥ ወደ 1,900 የሚሆኑ፣ ከአገሩ ቋንቋ ሌላ ቋንቋ ያላቸውን ቤተሰቦች የሚመለከት ጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሁለቱም ወላጆች ቤት ውስጥ የራሳቸውን ቋንቋ ብቻ በሚናገሩበት ቤት፣ ከ100 ቤተሰብ በ97ቱ ልጆቹ ቋንቋውን ይናገራሉ። አንዱ ወላጅ ሁለቱንም ቋንቋ እየቀላቀለ፣ ሌላው ደግሞ የአገሩን ቋንቋ ብቻ በሚናገርበት ቤት ቁጥሩ ወደ 36 ይወርዳል። አንዱ ወላጅ የራሱን ብቻ፣ ሌላው የአገሩን ብቻ ከተናገሩ ደግሞ 74 ገደማ ነው። ስለዚህ የትዳር ጓደኛው የአገሩ ተወላጅ የሆነ ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ነገር ግን እሱ ራሱ ከልጁ ጋር ሳይቀላቅል በአማርኛ ብቻ ሊጸና ይገባል።

እህቴና ባሏ ሁለቱም የወሎ ልጆች ስለሆኑ ቀላሉን መንገድ ያዙ፤ ከበር ወደ ውስጥ አማርኛ። ይህን ግን በአንድ ሌሊት አላደረጉትም። ለአራት ዓመት ልጅ እናቱ በድንገት ቋንቋ ስትቀይርበት ፊቷን ያዞረችበት ይመስለዋል። በጥቅምት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገላ መታጠቢያና እራት ብቻ በአማርኛ ሆኑ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የጠዋቱ ልብስ ማልበስና ጫማ ማሰር ተጨመረ። ከዚያ ቀኑ ሙሉ። ልጁ በመጀመሪያ «በስዊድንኛ በይው» እያለ አለቀሰ። እህቴ አቅፋ ታባብለዋለች፤ የምታባብለው ግን በአማርኛ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት አንድ ነገር አለ። ከመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ከአስተማሪዋ ጋር በስዊድንኛ ያወራሉ፤ ከዚያ ዞር ብለው ልጁንም በስዊድንኛ «ጃኬትህን ያዝ» ይሉታል። ለአስተማሪዋ በስዊድንኛ፣ ለልጁ እዚያው በአማርኛ ማለት ነው የሚገባው። ልጁ «እማ ለእኔ የምትናገረው አማርኛ ነው» ብሎ የሚይዘው በሰው እንጂ በቦታ አይደለም።

ሦስተኛ፦ በስዊድንኛ ሲመልስላችሁ

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልሂድበት። ልጁ ማቀዝቀዣውን እያመለከተ «ምዮልክ!» ይላል፤ ወተት ማለቱ ነው። እናት ከአራት ነገር አንዱን ማድረግ ትችላለች።

አንደኛው «ምን አልከኝ?» ብሎ እንዲደግመው መጠበቅ ነው። ቃሉን አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ይሠራል፤ ካላወቀው ግን ያንኑ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ሁለተኛው «ወተት ነው የፈለግኸው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቃሉን ይሰማል፤ ነገር ግን ጭንቅላቱን ነቅንቆ ማለፍ ይችላል። ሦስተኛው «ወተት ላምጣልህ ወይስ ውሃ?» የሚለው ነው። ይህን በጭንቅላት መመለስ አይቻልም፤ ልጁ ከሁለቱ አንዱን ቃል ከአፉ ማውጣት አለበት፤ ቃሉም አሁን ከጆሮው ገብቷል። ለእህቴ ከሁሉ የበለጠ የሠራላት ይህ ነው። «ቀዩን ካልሲ ነው ሰማያዊውን?»፣ «እኔ ልክፈተው አንተ ትከፍተዋለህ?» እያለች በቀን ብዙ ጊዜ ትጠይቀው ነበር። አራተኛው ያለውን በአማርኛ ደግሞ ማለፍ ነው፤ «እሺ፣ ወተት። ትኩስ ወተት ላምጣልህ» ብሎ። ልጁ ሲያለቅስ፣ ሲታመም፣ አውቶቡስ ሲያመልጣችሁ ይህን ተጠቀሙ።

በምንም ሁኔታ የማይደረጉ ሁለት ነገሮች አሉ። «በአማርኛ ካላልክ አይሰጥህም» ብሎ ምግብ ወይም እቅፍ መከልከል አንዱ ነው፤ ከዚያ በኋላ አማርኛ የቅጣት ቋንቋ ይሆናል። ሁለተኛው እናንተው ወደ ስዊድንኛ መሄድ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ነጠላ ቃላት መምጣት ጀመሩ። አራተኛው ወር ላይ «ወተቱ ስሉት ነው» አለ፤ «ስሉት» በስዊድንኛ «አለቀ» ማለት ነው። እህቴ ደውላ ስትነግረኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ «ተበላሸ» ብላ እንዳዘነች መስሎኝ ነበር። ደስታ ነበር፤ ልክም ነበረች። ቅልቅል ዓረፍተ ነገር ልጁ የአማርኛውን አጥንት እንደያዘ፣ የጎደለውን ቃል ብቻ ከጎረቤት እንደተበደረ ያሳያል። «እንዲህ አይባልም» አትበሉት። «አዎ፣ ወተቱ አለቀ። ማን ጨረሰው?» በሉት። እሱም «እኔ ጨረስኩት» ይላችኋል፤ እርማቱ ተፈጸመ ማለት ነው።

አራተኛ፦ «ና» እና «ነይ»

ይህን ያስተዋልኩት እንደ አስተማሪ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ብቸኛ ወንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው «ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ ተው» ነው። ስለዚህ ለሰው ሁሉ «ና» ይላል፤ ለሴት አያቱም ጭምር። ብቸኛ ሴት ልጅ ደግሞ ለአባቷ «ነይ» ትላለች። «አንቱ» እና «እርስዎ» ከነጭራሹ ጆሮው አይደርሱም፤ ምክንያቱም እዚያ ቤት አንቱ የሚባል ሰው የለም። ደሴ ያለ ልጅ ይህን ያለ አስተማሪ የሚማረው ግቢው ውስጥ ሦስቱም ዓይነት ሰው ስላለ ነው።

እህቴ መፍትሔውን ከቅዳሜው ቡና አገኘችው። የአገር ልጆችን ትጠራለች፤ አንድ አዛውንት ጎረቤትም ይመጣሉ። ቡናው ሲፈላ የልጁ ሥራ የቡና ቁርሱን ይዞ መዞር ነው። ለአጎቱ «ውሰድ»፣ ለእናቱ ጓደኛ «ውሰጂ»፣ ለአዛውንቱ «ይውሰዱ»። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ሦስቴ ይዞራል፤ ሰዎቹም ያው ናቸው። በሁለት ወር ውስጥ ማንም ሳያስረዳው ሦስቱን ለየ። ፊደል ከማስቆጠር በፊት ይህን አድርጉ፤ ፊደሉ ይደርሳል።

አምስተኛ፦ የእሁዱ ስልክ

እናቴም የምትማረው ነበራት። በፊት ስልኩ ላይ «እኔ ማነኝ? ታውቀኛለህ? እስቲ በአማርኛ ተናገር!» ትለው ነበር። ይህ ለልጅ ፈተና ነው፤ ከፈተና የሚሸሽ ልጅ አይወቀስም። «ዛሬ ምን ሠራህ?» የሚለውም ቃል ላጠረው ልጅ በጣም ሰፊ ነው።

በምትኩ እንቆቅልሽ አደረግነው። «እንቆቅልህ» ትላለች፤ «ምን አውቅልሽ» ይላል። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ካላወቀው «አገር ስጠኝ» ትለዋለች። ልጁ አምስት አገር አጥንቷል፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ባቲ፣ ወልድያ። «ሐይቅን ሰጠሁሽ!» ይላታል። «ሐይቅ ገብቼ፣ ከውሃው ዳር ተቀምጬ፣ ዓሣዬን በልቼ…» እያለች ታስረዝመውና «ወንዝ ነው!» ትለዋለች። «ሰጠሁሽ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ያለችውን የሴት ምልክት ልብ በሉ፤ በየሳምንቱ አሥር ጊዜ ያህል ከአፉ ትወጣ ነበር። ቀጥሎ ተራው የእሱ ነው፤ እሷን ማሸነፍ ስለሚወድ በሳምንቱ ውስጥ እናቱን «እንቆቅልሽ ስጪኝ» እያለ ይለምናታል።

አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱ ቋሚ ይሁን። በክረምታቸው የስቶክሆልም ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ቀጠሮው ላይ ሁልጊዜ የደሴን ሰዓት ያዙ። አለበለዚያ ሰዓታቸው ሲቀየር አያት ስልኩን ይዛ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

ስድስተኛ፦ አንድ ክረምት ደሴ

የስዊድን ትምህርት ቤቶች ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ በእነሱ አቆጣጠር ይዘጋሉ። የእኛም ልጆች በክረምት ቤት ናቸው፤ ስለዚህ ግቢው በልጅ ይሞላል። እህቴ ለአምስት ሳምንት ይዛው መጣች። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ልጁ አሥር ቀን ያህል በዝምታ አሳለፈ፤ አይናገርም፣ ዓይኑን ብቻ ይተክላል። ይህ ጊዜ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ እየሰበሰበ ነው።

ሁለት ጥፋት አጠፋን። የመጀመሪያው ሳቅ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ በረንዳ ላይ ቆሞ እናቴን «እምዬ ና!» ብሎ ተጣራ። ስልኩ ላይ ያልነበረ ስህተት ሰው በበዛበት ተመለሰበት፤ ግቢው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ማንም በክፋት አልሳቀም፤ ልጁ ግን ፊቱ ቀልቶ ገባ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከእናቱ በቀር ለማንም ቃል አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱን ሁሉ አስጠነቀቅን፤ አንድ ሰው «እምዬ ነይ እያለሽ ነው» ብሎ ለእሷ እየነገረ ማለፍ በቂ ነው፤ ልጁ ይሰማል።

ሁለተኛው ጥፋት የወጣቶቻችን ነው። ከውጭ የመጣ ልጅ ሲያዩ እንግሊዝኛቸውን ሊለማመዱበት ይሽቀዳደማሉ። ልጁ እንግሊዝኛም አይችል፤ የአማርኛው ሰዓትም ባከነ። ከመምጣቱ በፊት ለአክስትና ለአጎት ልጆች አንድ በአንድ ንገሩ። አማርኛውን በመጨረሻ ያስወጣለት የጎረቤት ልጆች ብይ ነው። «ተራዬ ነው!»፣ «አጭበረበርክ!» ሳይሉ ብይ መጫወት አይቻልምና።

ሰባተኛ፦ ፊደልና ትምህርት ቤት

ፊደልን በ231 ቅርጽ አታስጀምሩት። የእሱን ስም፣ የእናቱን፣ «እምዬ» የሚለውን በትልቁ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። ከእነዚያ ስሞች ውስጥ ያሉትን ፊደላት ካወቀ በኋላ የእያንዳንዳቸውን ቤተሰብ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አሳዩት። ስድስት ዓመት ገደማ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ይናገር እንጂ አትቸኩሉ።

ስዊድን ለሚኖሩ ይህን ላክል። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የወላጁን ቋንቋ የመማር መብት አለው፤ አማርኛም ይሰጣል። ማዘጋጃ ቤቱ የማደራጀት ግዴታ የሚኖርበት ግን ቢያንስ 5 ተማሪዎች ሲጠይቁና ብቁ አስተማሪ ሲገኝ ነው። ልጁ ደግሞ ቋንቋውን በመጠኑም ቢሆን የሚያውቅና ቤቱ የሚገለገልበት መሆን አለበት። ቤት ውስጥ አማርኛው የጠፋበት ልጅ በዚህ በር መግባት ይቸግረዋል ማለት ነው። አምስት ለመሙላት ቅዳሜ ቡና ላይ የሚመጡትን ቤተሰቦች አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

መቼ ነው ሐኪም የሚጠየቀው?

የሁለት ቋንቋ ልጅን ቃል ስትቆጥሩ ሁለቱን ደምሩ። ሁለት ዓመት ሲሞላው በሁለቱም ቋንቋ ተደምሮ ከ50 ቃል በታች ካለው፣ ሁለት ቃልም አገናኝቶ «ሌላ ውሃ» የማይል ከሆነ፣ መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። ችግሩ እውነተኛ ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል፤ ስዊድንኛው እየፈሰሰ አማርኛው ብቻ የቀረ ልጅ ግን የጎደለው ሰዓት ነው። አማርኛውን መተው የዘገየ ልጅን አያፈጥነውም። እናትየው የምትናገረው የተሰባበረ ስዊድንኛ ከሆነም፣ ልጁ ከእሷ የሚያገኘው ያንኑ የተሰባበረ ነው። የእናትየው የአፍ መፍቻ ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ ከሆነ ደግሞ እዚህ ላይ አማርኛ ባልኩበት ቦታ ሁሉ ያንን ተኩ።

እህቴ አሁን ሁለተኛ፣ ሴት ልጅ ወልዳለች። ትልቁ ልጅ ስዊድንኛውን ከትምህርት ቤት ይዞ ሲገባ ከታናሹ ጋር በዚያው መጫወት የብዙ ቤት ልማድ ስለሆነ፣ ሕፃኗ ገና ከአልጋ ሳትወርድ ለትልቁ አንድ ሥራ ሰጥታዋለች። ማታ ማታ ለእህቱ ተረት የሚነግራት እሱ ነው፤ «ተረት ተረት» ይላል፣ ሕፃኗ ስለማትመልስ «የላም በረት»ንም ራሱ ይልላታል።